ስልኩ የጠፋበት ተረኛ በሰው ፓስዎርድ ይግባ?

የማታ ተረኛ፦ ሲስተማችን ከፓስዎርድ በኋላ በስልክ የሚመጣ ኮድ ይጠይቃል። ማታ 12 ሰዓት ፈረቃ ስረከብ ስልኬ ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ እምቢ ብሎ ከሆነ፣ ወጪዋ ነርስ በራሷ ፓስዎርድ ብታስገባኝ ምን ችግር አለው? ለተረኛ ሰው ይሄ ሁለተኛ ደረጃ ቢቀርስ? ጅማ ውስጥ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ምን ትላላችሁ?

ፋርማሲስቱ፦ ሁለተኛው ደረጃ ይቅር ማለት አያስፈልግም እህቴ። ኮዱ በአጭር መልእክት ስለሚመጣ ነው የምትቸገሪው። ኦተንቲኬተር አፕ ጫኚና ተገላገዪ፣ ኮዱን ስልኩ ራሱ ስለሚያወጣው ኔትወርክም ዳታም አይፈልግም። የእኛ መጋዘን ምድር ቤት ነው፣ ሲግናል የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ግን በየቀኑ እገባለሁ። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የሪሴፕሽኗ፦ የት ያበቃል ወንድሜ! ስልኩ ከጠፋ አፑስ የታለ? እኔ የሆቴል ሪሴፕሽን ነኝ። ሕርማታ ገበያ ስልኬን ወሰዱብኝ፣ በነጋታው መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ በዚያው ቁጥር ሲም አወጣሁ። ቁጥሬ ሲመለስ ሁሉም ነገር የተመለሰ መስሎኝ ነበር። በመልእክት የሚመጣው ኮድ እውነትም መጣ፣ አፑ ግን አዲሱ ስልክ ላይ ባዶውን ተከፈተ። እስኪስተካከል ድረስ እንግዳ የመዘገብኩት በደብተር ነው።

ቡና ነጋዴው፦ እኔም ሦስቴ ሲሳሳቱ የሚዘጋው ነገር አንገሽግሾኛል። ጠዋት ለገበሬ ልከፍል ስል የባንኩ ፒን ተቆለፈብኝ፣ ገበሬው ቆሞ ይጠብቃል። ለምን የጣት አሻራ አያደርጉትም?

የማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ የራስዎ የባንክ ፒን ነው፣ የእኔ ጥያቄ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ስለ መግባት ነው። ለፋርማሲስቱ ደግሞ፦ አፑን ጭኛለሁ። ወሩን ሙሉ አዲስ የወጣውን ኮድ ቶሎ ብዬ ባስገባም ‘ትክክል አይደለም’ ነው የሚለኝ። ስለዚህ ወደ መልእክቱ ተመለስኩ። እሱ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል፣ ‘ድጋሚ ላክ’ን እነካለሁ፣ ከዚያ ሦስቱም ባንዴ ዱብ ይላሉ።

የሲስተም ልጅ፦ ሲስተር፣ ከመልእክቱ ልጀምር። ‘ድጋሚ ላክ’ን በነካሽ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የቀደመው ኮድ ይሻራል። ሦስቱ ባንዴ ሲደርሱሽ የሚሠራው መጨረሻ የተላከው ብቻ ነው፣ ስልክሽ ላይ ግን ቅደም ተከተላቸው ሊዛባ ይችላል። አንዱን ሞክረሽ፣ ሌላውን ሞክረሽ፣ አካውንቱ ይቆለፋል። አንዴ ነክተሽ ጠብቂ፤ ካልመጣ ወደ መስኮት ወይ ወደ ደጅ ውጪ እንጂ ደጋግመሽ አትንኪ።

አሁን አፑን እንየው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የስልክሽ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?

የማታ ተረኛ፦ 12፡40። የማታ ነው። ምን አገናኘው?

የሲስተም ልጅ፦ በሽታው እሱ ነው። በእጅሽ ወደ እኛ ሰዓት አዙረሽዋል። አፑ ኮዱን የሚሠራው መጀመሪያ ኪውአሩን ስታነሺ ከተቀመጠው ሚስጥርና ከስልኩ ሰዓት ነው፣ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ያወጣል። ሰርቨሩም በራሱ ሰዓት ያንኑ ስሌት ሠርቶ ያመሳክራል። የግማሽ ደቂቃ መዛነፍን አብዛኛው ሲስተም ይታገሣል። ያንቺ ስልክ ግን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ማለትም ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ጊዜው ያለፈበትን ኮድ ነው የምታስገቢው። ምልክቱም ይኸው ነው፦ ኮዱ ትኩስ ሆኖ ሁልጊዜ ይወድቃል፣ በአፑ ያስገባሻቸው ሌሎች አካውንቶችም አብረው እምቢ ይላሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክንያት እንፈልግ ነበር።

መድኃኒቱ፣ ሰቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሰዓቱንም የሰዓት ክልሉንም ‘አውቶማቲክ’ ላይ ማድረግ ነው። ኔትወርክ በሌለበት አውቶማቲክም ላያስተካክለው ይችላል፤ ያኔ መጀመሪያ ክልሉን አዲስ አበባ አድርጊና ቀጥሎ ሰዓቱን ከጓደኛሽ ስልክ እያየሽ ሙዪ። ክልሉ የሌላ አገር ሆኖ ሰዓቱን ብቻ ብታስተካክዪ ፊቱ ልክ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እንደተዛባ ይቀራል።

የማታ ተረኛ፦ እሺ፣ ግን እኔ የፈረንጅ ሰዓት ማንበብ አልወድም።

የሲስተም ልጅ፦ ሳቅኩ፣ ግን መላ አለው። ሰዓቱ አውቶማቲክ እንደሆነ ክልሉን ብቻ ቦነስ አይረስ አድርጊ። ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ፊቱ 12፡40 ይላል፣ ውስጡ ትክክል ነው፣ ኮዱም ይሠራል። የጠዋትና የከሰዓት ምልክቱ ግን ሊያሳስትሽ ይችላል፣ ቀጠሮ ስትመዘግቢም ተጠንቀቂ።

ኃላፊዋ ነርስ፦ ልጆች፣ ሰዓቱ ተስተካከለ እንበል። የሪሴፕሽኗ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። ‘በሷ ፓስዎርድ ልግባ’ የሚለውን ከልቤ እቃወማለሁ። እንዲህ አስቡት። ወጪዋ ነርስ ሎግ ኢን እንዳደረገች ትታልሽ ሄደች። ለ4ኛ አልጋ ሌሊት 7 ሰዓት መርፌ ሰጠሽ፣ ሲስተሙ የጻፈው የእሷን ስም ነው። በሽተኛው ሰውነቱ ሽፍ ቢል ሐኪሙ የሚደውለው ለማን ነው? ቤቷ ለተኛችው። እሷ ‘እኔ አልሰጠሁም’ ትላለች፣ እውነቷን ነው። ሁለተኛ ዶዝ ይሰጥ አይሰጥ የሚወስነውም ሰው ይደናገራል። አንድ ሌሊት በወረቀት ሠርቶ ጠዋት በራስ ስም ማስገባት ይሻላል።

ፋርማሲስቱ፦ ሲስተር፣ በወረቀት ሲሠራ የቀድሞ አለርጂውን ማን ያያል? እሱም አደጋ ነው። ለዚያች ሌሊት የሲስተም ክፍሉ ሁለተኛውን ደረጃ ቢያነሳላት ምን አለበት?

የሲስተም ልጅ፦ አጥፋልኝ ብሎ የሚደውለው ሰው እውነት እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ? በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያነሳ ክፍል በሩን ለሌባም ይከፍታል። እኔ የምለው፣ ከመጥፋቱ በፊት መዘጋጀት ነው። ብዙ ሲስተሞች የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ጉግል ባለ 8 አሃዝ 10 ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። እነሱን አትሚና ፖስታ ውስጥ አሽጊ፣ በማሸጊያው ላይ ፈርሚበት፣ በተረኛ ኃላፊ መሳቢያ ይቆለፍ። ስልክሽ በጠፋ ሌሊት ኃላፊዋ ፊትሽን አይታ ትሰጥሻለች፣ ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በራስሽ ፓስዎርድና በራስሽ ስም ነው የምትገቢው። ጠዋት የጠፋው ስልክ ከአካውንቱ ይነቀላል፣ ኮዶቹም በአዲስ ይተካሉ። ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ የምታስቀምጡ ግን አላችሁ፣ እሱ ከንቱ ድካም ነው።

የሪሴፕሽኗ፦ እኛ ጋ እኮ ሌሊት ብቻዬን ነኝ። ኃላፊ የለም፣ መሳቢያውን የምይዘው እኔው ነኝ።

ፋርማሲስቱ፦ እኛም ጋ የመሳቢያው ቁልፍ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው። ፖስታው የማንም ይሆናል።

የሲስተም ልጅ፦ ፖስታውን የወሰደ ሰው ፓስዎርዷን ካላወቀ አይገባም። ፓስዎርዱ ሞኒተሩ ላይ ከተለጠፈ ግን ትክክል ነህ። ብቻዋን ለምታድር ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ ይሻላል፣ ሲግናልም ባትሪም አይፈልግም። ሲስተማችሁ የሚቀበለው ከሆነ ሁለት ተመዝግቦ አንዱ ቤት ይቀመጣል።

ኃላፊዋ ነርስ፦ ዋጋውን ማን ይከፍላል? ለነገሩ ኦተንቲኬተሩም የተጫነው በሠራተኛው የግል ስልክ ላይ ነው፣ ስልኩ ሲሰረቅ ግን ቀጣሪው የለሁበትም ይላል። እኔ በቀጣዩ ስብሰባ የማነሳው ይሄን ነው።

የማታ ተረኛ፦ ሰዓቱን አስተካክዬ አሁን ገባሁ፣ በመጀመሪያው ኮድ። ፖስታውን ግን ለኃላፊ ከመስጠት ቤቴ ባስቀምጠው እመርጣለሁ።

ኃላፊዋ ነርስ፦ ቤትሽ ኮቺ፣ ሥራሽ እዚህ፣ ማታ 12 ሰዓት ማን ያመጣልሻል?