ትርፍ እያለ ለደመወዝ ገንዘብ አጠረኝ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት አመርታለሁ። አንዱ ብሎኬት 40 ብር ያስወጣኛል፤ በ50 ብር እሸጠዋለሁ። በወር 10,000 ስለምሸጥ በመዝገብ 100,000 ብር አተርፋለሁ። ሆኖም ትርፉ የሚመዘገበው ደረሰኝ በተቆረጠበት ወር ሲሆን፣ ተቋራጮቹ የሚከፍሉኝ ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሲሚንቶ ሳይከፈል አይጫንም፤ ብሎኬቱን ለቀናት ውኃ እያጠጡ የሚያጠነክሩት ሠራተኞችም ደመወዛቸውን በየ15 ቀኑ ይጠብቃሉ።

እስካሁን የገንዘብ ፍሰቱ ሳይቋረጥ የቆየው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ወጪ 800,000 ብር ከቁጠባዬ ስለሸፈንሁ ነው። አሁን ትእዛዙ በወር ወደ 15,000 በማደጉ ወርኃዊ ወጪዬ 600,000 ብር ደርሷል፤ የሚገባልኝ ግን የድሮው ሽያጭ 500,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ትርፌ ወደ 150,000 ብር ከፍ ባለበት ወር ካዝናዬ 100,000 ብር ይጎድለዋል፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። አዲሱ ሽያጭ መከፈል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ተቋራጮቹ ካልዘገዩ።

በእንዲህ ያለ ሥራ ያለፋችሁ፣ ለተጨማሪው 5,000 ብሎኬት ቅድመ ክፍያ ብጠይቅ ይሻላል ወይስ ቶሎ ለሚከፍል ዋጋ ልቀንስ? ቅናሹስ ከአሥሩ ብር ትርፍ እስከ ስንት ቢወስድ ያዋጣል?