ክርክር፦ የፋሲካ ቢራ ፎርካስት ከፋብሪካው አቅም ሲያልፍ ማን ይቁረጠው?

ጠያቂው፦ ቢራ ፋብሪካ ፕላኒንግ ክፍል ነው የምሠራው። በየወሩ የሽያጭና የምርት ዕቅድ ስብሰባ አለን፤ ኤስ ኤንድ ኦፒ የምንለው። ለፋሲካ 30 ቀናት የሽያጭ ክፍሉ 520 ሺህ ሳጥን ይሸጣል ብሎ ፎርካስት ይዞ መጣ። ፕሮዳክሽን አቅሜ 430 ሺህ ነው አለ። አለቃዬ ደግሞ «ሽያጭ ቁጥሩን ወደ አቅማችን አውርዶ ነው ስብሰባ መግባት ያለበት» ይላል። ልክ ነው?

ሽያጭ ላይ ያለሁ፦ እውነቱን ላውጣው። እኛ ስንጨምር አውቀን ነው። 450 ካልን 380 ይሰጡናል። ስለዚህ 520 እንልና 430 እናገኛለን። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። አለቃህ ቀንሱ ካለ ደግሞ እኛ ከመቀነሳችን በፊት መጀመሪያ ቁጥሩን እናሳብጠዋለን፣ ያው ነው።

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ ወንድሜ፣ ስላመንክ ተባረክ። ግን የነገርከን ፎርካስት አይደለም፤ የመርካቶ ዋጋ ድርድር ነው።

ጠያቂው፣ አለቃህ ተሳስቷል። ሽያጭ ገበያው የሚጠጣውን ይናገር። ታንክ ስንት ነው፣ ማሽን ስንት ነው፣ እሱን አይመለከተውም። አቅሙን ፕሮዳክሽን ለብቻው ይናገር። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ ስብሰባው ያለው ለልዩነቱ፣ ለ90 ሺው ነው። ሽያጭ አስቀድሞ 430 ብሎ ከመጣ ልዩነቱ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ሻይ ጠጥታችሁ ትበተናላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ታንክ ያስፈልገናል ስትሉ ባለቤቱ የድሮ ፎርካስታችሁን ያወጣና «መቼ ጎደለን?» ይላችኋል።

የድሮ ሽያጭ ሪፖርትም እንዲሁ ያታልላል። ባለፈው ፋሲካ ቢራ አልቆ ከነበረ፣ ሪፖርቱ የሚያሳየው የሰጣችሁትን እንጂ የተጠየቀውን አይደለም።

ኢንጂነር ነኝ፣ ጠርሙስ መሙያ ላይ፦ እኔ የማይገባኝ 430 ከየት እንደመጣ ነው። እኛ ጋ ያለው መስመር በሰዓት 40 ሺህ ጠርሙስ ይሞላል። በቀን 20 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን። የሚቆምበትን ሁሉ ቀንሼ 65 በመቶ ልያዝ። 13 ሚሊዮን ተኩል ጠርሙስ ነው። ለ24 ስታካፍለው ከ560 ሺህ ሳጥን በላይ ይወጣል። የናንተም እንዲህ ከሆነ አቅም አለ፤ ፕሮዳክሽን ሰንፎ ነው።

ጠያቂው፦ መስመሩ የኛም እንደዚያው ነው። ግን ቢራው የሚፈላበት 12 ታንክ ነው ያለን፣ እያንዳንዱ 1,800 ሄክቶ ሊትር። ቢራው ከእጥበቱ ጋር 18 ቀን ይይዘዋል።

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። በ30 ቀን 12ቱ ታንክ ሲደመር 20 ጊዜ ይሞላል። 36 ሺህ ሄክቶ ሊትር። አንድ ሳጥን 8 ሊትር ገደማ ነው፤ የሚባክነውን ስትቀንስ 430 ሺህ አካባቢ ትደርሳለህ። ኢንጂነሩ በማሽኑ አልተሳሳተም። ማሽኑ ግን የሚሞላው ቢራ የለውም። ለአንድ ሽፍት የትርፍ ሰዓት ብትከፍሉም ታንኩ ውስጥ ያለው ቢራ አይፈጥንም።

ግሮሰሪ አለኝ፦ ስለ ዋጋ ነው የምታወሩት? ለበዓል ሁሌ ቢራ ይጠፋል፣ ይመጣል ስንል ደግሞ ከማይሸጠው ጋር አብራችሁ ውሰዱ እንባላለን። ሳጥን የለም ይሉናል። ጓሮዬ ብትገቡ 60 ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ፀሐይ ይመታዋል! የአከፋፋዩ መኪና ሙሉውን አራግፎ «ባዶ የምጭንበት ቦታ የለኝም፣ ሌላ ሦስት ቤት አለብኝ» ብሎ ይሄዳል።

ሽያጭ ላይ ያለሁ፦ ጋሼ፣ ስለ ዋጋ አይደለም። ሹፌሩ ግን እውነቱን ነው፤ የሚከፈለው ባደረሰው ሙሉ ሳጥን ነው።

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ ጋሼ ሳያስቡት ዋናውን ነገር ተናገሩ። ጠያቂው፣ በጾሙ ወር ስንት ትሸጣላችሁ?

ጠያቂው፦ 250 ሺህ ገደማ። በዐቢይ ጾም ሁሌ ይወርዳል።

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ እንግዲህ በጾሙ ታንካችሁ በወር 180 ሺህ ሳጥን የሚሆን ትርፍ አቅም አለው። የጎደላችሁ 90 ሺህ ነው። በጾሙ ጠምቃችሁ አስቀምጡ። ቀላል ይመስላል። ግን የተቀመጠ ቢራ ጠርሙስ ይዞ ነው የሚቀመጠው። 90 ሺህ ሳጥን ሙሉ ስቶር ውስጥ ከቆመ፣ ያ ሁሉ ጠርሙስ ከዙሩ ወጣ ማለት ነው። በጾም ደግሞ የሚጠጣው ስለሚያንስ ባዶው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ግቢያችሁ ስንት ትርፍ ባዶ አለ?

ጠያቂው፦ 40 ሺህ ሳጥን።

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ አየህ፣ ጥያቄው ተቀየረ። «ሽያጭ ይቀንስ ወይስ ፕሮዳክሽን ይጨምር» ቀረ። «50 ሺህ ባዶ ሳጥን ከየት ይመጣል» ሆነ። እሱን የሚያመጣው ደግሞ ሽያጭ ነው እንጂ ፕሮዳክሽን አይደለም። አዲስ ጠርሙስ ልግዛ ብትል ለፋሲካ አይደርስልህም። ስብሰባው ላይ ሽያጭ «520 እፈልጋለሁ» ካለ «እሺ፣ ለሹፌሩ ለባዶውም ክፈልና በየሳምንቱ ስንት እንደሰበሰብክ አምጣ» በሉት። ካልሰበሰበ 470 ላይ ይቆማል። ይህን የካቲት ላይ ወስኑት። መጋቢት መጨረሻ ላይ የተጠመቀ ቢራ ለ2018 ፋሲካ፣ ለሚያዝያ 4፣ አይደርስም።

ኢንጂነር ነኝ፣ ጠርሙስ መሙያ ላይ፦ ታንኩን አልቆጠርኩም፣ ጥፋቴ። ግን አንድ ነገር። ያልተቆረጠ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁ ግዢ ክፍል አይቶ ለ520 ብቅል ያዛል። እኛ ጋ ሆኗል።

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ ትክክል። ግዢ የሚያየው የተስማማችሁበትን ብቻ መሆን አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ኤክሴል ለሁሉም የሚበትን ሰው ነው ጥፋተኛው።

ሌላው፣ 520ውን ራሱ ጠይቁት። ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ 15 በመቶ ጨምሮ ከሆነ የመጣው፣ አትቀበሉት። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፣ በ2017 ሚያዝያ 12። በ2018 ሚያዝያ 4 ስለሆነ አከፋፋዩ መጋቢት ውስጥ ነው የሚጭነው። ወርን ከወር ሳይሆን ከፋሲካ በፊት ያሉትን አራት ሳምንታት ከአራት ሳምንታት አወዳድሩ።

ሽያጭ ላይ ያለሁ፦ እሺ፣ እውነተኛውን ቁጥር ላምጣ። ስድስት ወር ሙሉ እውነት ስናገር ፕሮዳክሽን እንደለመደው ከቆረጠኝስ?

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ በየወሩ ያልከውንና የተሸጠውን ጻፉት፤ ማን ስንት እንደቆረጠም። ስህተቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ከሆነ ገበያው ነው። ሁሌ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የሰው ልማድ ነው። ያን ጊዜ ማን እንደሚያሳብጥ፣ ማን እንደሚቆርጥ ይታያል።

ሽያጭ ላይ ያለሁ፦ ቦነሴ ግን በዚህ ቁጥር ነው የሚሰላው። እሱን ማን ይቀይረዋል?

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም። እኔም በዘመኔ አልቻልኩትም።

ግሮሰሪ አለኝ፦ 470 ላይ ከቆመ የሚቀርብን ማን ነው? እኛ ትንንሾቹ ነን አይደል?

ሽያጭ ላይ ያለሁ፦ እውነት ለመናገር፣ አዎ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሌላ ቢራ ካስገቡ አይመለሱም።

ኢንጂነር ነኝ፣ ጠርሙስ መሙያ ላይ፦ ባዶ ለመለሰ ቅድሚያ ይሰጠዋ!

ሽያጭ ላይ ያለሁ፦ ሆቴሎቹን ማን ያናግርልሃል፣ አንተ?

ጠያቂው፦ ዛሬ ግቢ ወርጄ ባዶዎቹን አየሁ። 40 ሺህ ከተባለው ውስጥ አሥር ሳጥን አስከፍቼ ነበር። በሦስቱ ውስጥ የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ ተቀላቅሏል፣ አንዱ ግማሹ አፉ የተሸረፈ ነው። ለነገ ስብሰባ 40 ሺህ ብዬ ልግባ ወይስ እንደገና ላስቆጥር?

የፕላኒንግ ሽማግሌ፦ ዛሬውኑ አስቆጥር።