በእጅ የሚሣል የ4 ደቂቃ አኒሜሽን፦ ወጪውን እንዴት ልገምት? የትኛውን ሥራስ ለሌላ ሰው ልስጥ?

ጥያቄ፦ በርጩማዋ፣ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ግንድ በርጩማ ስለሚጠርቡ አዛውንትና ስለ ልጅ ልጃቸው የ4 ደቂቃ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነው፤ በእጅ የሚሣል አኒሜሽን ነው። ስቶሪቦርዱ አልቆ 46 ሾት ሆኗል። በእጄ ያለው 300 ሺህ ብር ሲሆን፣ ከመደበኛ ሥራዬ ተርፎ ለፊልሙ የምሰጠው ጊዜ በሳምንት 4 ቀን ለ9 ወር ነው። እንቅስቃሴውንና የጀርባ ሥዕሎቹን ራሴ ልሥል አስቤያለሁ። መስመር ማጥራቱንና ቀለም መቀባቱን አዲስ አበባ ያለ አንድ ስቱዲዮ በሰከንድ 900 ብር፣ በድምሩ በ216 ሺህ ብር እሠራለሁ ብሎኛል። የድምፅ ባለሙያው 45 ሺህ፣ ሙዚቃ የሚደርስልኝ ሰው ደግሞ 40 ሺህ ብር ጠይቀዋል። ድምሩ 301 ሺህ ነው። በጀቱ ደርሷል ልበል ወይስ ያልቆጠርሁት ነገር አለ? ለሌላ ሰው የምሰጠውን ሥራስ በትክክል መርጫለሁ?

መልስ፦ አቀናባሪው፣ ከአዲስ አበባ

የመረጡት የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ጊዜ የሚበላው እንቅስቃሴውን መሣል ስለሆነ እሱን ለሚችል ሰው ይስጡና እርስዎ ዳይሬክተር ይሁኑ። ድምፁን በስልክዎ ቀድተው፣ የጎደለውን በነፃ ከሚገኙ ድምፆች ቢያሟሉ ለድምፅና ለሙዚቃ የያዙት 85 ሺህ ብር ይተርፋል። ከዚህ ሌላ፣ ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ሳይዙ አይጀምሩ፤ አሁን ባቀረቡት ስሌት መጠባበቂያዎ ከዜሮ በአንድ ሺህ ብር ያንሳል።

መልስ፦ ከአጋሮ

የሬንደሩን፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ የመጨረሻውን ምስል እየሠራ የሚያወጣበትን ጊዜ ረስተዋል። እኔ ባለፈው ዓመት ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ስሠራ 720 ፍሬም ነበረው፤ አንዱ ፍሬም 4 ደቂቃ ይወስድ ስለነበር ያለ ዕረፍት 48 ሰዓት ማለት ነው። 31ኛው ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በቀጥታ ወደ አንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲጽፍ አድርጌው ስለነበር ፋይሉ አልከፈት ብሎ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፍሬም በተናጠል እንደ ሥዕል እንዲቀመጥ አደርጋለሁ፤ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ፍሬም እቀጥላለሁ።

በርጩማዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የእኔው ጠፍጣፋ ሥዕል ስለሆነ አንዱን ሾት ማውጣት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ነገር ግን ፍሬሞቹን በተናጠል ማስቀመጡን እወስደዋለሁ፤ እዚህም መብራቱ ያው ነው።

መልስ፦ የቆየ አኒሜተር

እህቴ፣ ብሩን ደምረሻል፣ ቀኑን ግን አልደመርሽም። ለራስሽ የያዝሽው ሥራ ደመወዝ ስለማትከፍይበት በወረቀትሽ ላይ ዜሮ ሆኖ ተቀምጧል፤ ብዙ አጫጭር ፊልሞች መንገድ ላይ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። በሳምንት 4 ቀን ለ9 ወር ሲሰላ 156 ቀን ገደማ አለሽ። ይህም ልክ እንደ 300 ሺህ ብሩ የሚያልቅ ገንዘብ ነው።

የ4 ደቂቃ ፊልም 240 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ብትሠሪና አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዪው፣ ሁልጊዜ የሚንቀሳቀስ ሰው በሰከንድ 12 ሥዕል ይፈልጋል። ሁሉም ሰከንድ ግን እንዲህ አይደለም። ሽማግሌው ዝም ብለው እያዩ ካሜራው ብቻ የሚጠጋበት ሾት በ3 ወይም በ4 ሥዕል ያልቃል፤ ዋንዛውን በመጥረቢያ ሲጠርቡ ግን እጅ፣ ትከሻ፣ ልብስና ፍቅፋቂ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ «የደቂቃው ዋጋ ስንት ነው» የሚለው ጥያቄ አይጠቅምሽም። 46ቱን ሾቶች ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለሽ ለያቸው፤ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሾት እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ቀለሙንም ጨምረሽ ሥሪና የፈጀብሽን ሰዓት በትክክል መዝግቢ። አደራ፣ ሥራ በሚበዛብሽ ሳምንት ለኪው፤ በደህናው ሳምንት የተለካ ፍጥነት ያታልላል። ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺ።

በርጩማዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ውጤቱም አስደንግጦኛል። ቀላሎቹ 18 ሾቶች ሲሆኑ በድምሩ 90 ሰከንድ ናቸው፤ አንዱን ባለ 5 ሰከንድ ሾት በአንድ ቀን አንቀሳቀስሁት። መካከለኞቹ 20 ሾቶች፣ 110 ሰከንድ ናቸው፤ በቀን 2 ሰከንድ ብቻ ሄድሁ። ከባዶቹ 8 ሾቶች፣ 40 ሰከንድ ናቸው፤ የጠረባው ባለ 5 ሰከንድ ሾት 6 ቀን ፈጀብኝ። የጀርባ ሥዕሎቹ 22 ሲሆኑ አንዱ አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል። ቀላሉን ሾት አጥርቼ ቀለም ለመቀባት ግን ግማሽ ቀን ብቻ በቃኝ።

የቆየ አኒሜተር

መልሱ ያለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ግን ቀኑን እንደምረው። ለቀላሎቹ 18 ቀን፣ ለመካከለኞቹ 55፣ ለከባዶቹ 48፣ ለጀርባ ሥዕሎቹ 33 ቀን ሲደመር 154 ይሆናል። ካለሽ 156 ቀን 2 ቀረ። በእነዚያ 2 ቀኖች ከስቱዲዮው የሚመጣውን ማረም፣ ሾቶቹን ማቀናበር፣ የተዋንያኑን ድምፅ ማስቀዳት አለብሽ። ይህ የሚሆን አይደለም። ለካስ መጀመሪያ የሚያልቅብሽ ቀኑ ነበር።

አሁን ወደ ስቱዲዮው ዋጋ እንመለስ። ለ90ዎቹ ቀላል ሰከንዶች 81 ሺህ ብር ልትከፍይ ነበር፤ ራስሽ ብትሠሪያቸው 18 ሾት በግማሽ በግማሽ ቀን 9 ቀን ነው። ማለትም አንዱን ቀንሽን በ9 ሺህ ብር ልትገዢ ነው፣ ይህም ውድ ነው። የጀርባ ሥዕሎቹ በአንጻሩ 33 ቀን ይበሉብሻል፤ ንድፉን ራስሽ አውጥተሽ ቀለሙን ለሠዓሊ ብትሰጪ ግን፣ ለንድፍና ለማየት 6 ቀን ቢወስድብሽ 27 ቀን ታተርፊያለሽ። እዚያው ጅማ በውኃ ቀለም የሚሠራ ሰው አይጠፋምና ዋጋ ጠይቂ። አንዱን በ2 ሺህ ብር ቢስማማ 44 ሺህ ነው።

በዚህ አካሄድ ስቱዲዮው 150 ሰከንድ ብቻ ይሠራል፣ 135 ሺህ ብር። የጀርባው 44 ሺህ፣ ድምፁና ሙዚቃው 85 ሺህ ሲታከል 264 ሺህ ይሆንና 36 ሺህ ብር መጠባበቂያ ይቀርሻል። ቀኑም 121፣ ሲደመር 9፣ ሲደመር 6፣ 136 ነው፤ 20 ቀን ተረፈ። ሃያውም ቢሆን ጠባብ ነው።

እንቅስቃሴውን ለሌላ ስጪ የተባለውን አልደግፍም። የጀርባ ሥዕል በአንድ ናሙና ሊገለጽ፣ ሲመጣም በአንድ እይታ ልክ መሆኑና አለመሆኑ ሊለይ ይችላል። ሽማግሌው መጥረቢያውን ከማንሣታቸው በፊት ትንፋሽ እንዴት እንደሚወስዱ ግን ሥለሽ ካላሳየሽ በቀር በጽሑፍ ልታዝዢው አትችይም፤ ሥለሽ ካሳየሽ ደግሞ ሥራውን ሠራሽው።

መልስ፦ ቀለም ቀቢ ነበርሁ

ስሌቱ ጥሩ ነው፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። በሰከንድ 900 ብር የተባለው ቀላሉንና ከባዱን አማካይ አድርጎ ነው። ቀላሎቹን አውጥተው ከባዱን ብቻ ሲልኩለት ስቱዲዮው ዋጋውን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ እኔ በነበርሁበት ቦታ እናደርገው ነበር። 1,100 ቢል 150 ሰከንዱ 165 ሺህ ይሆንና ከመጠባበቂያው 30 ሺህ ይሄዳል። ስለዚህ በሰከንድ መዋዋሉን ትተው በሥዕል ብዛት ይዋዋሉ፤ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

የራሴንም ጉዳት ልናገር። ለአጭር ፊልሜ 30 ሾት ለአንድ ድርጅት ሰጥቼ ሙሉ ክፍያ አስቀደምሁ። የገጸ ባሕርይዋን ፊት ከፊትና ከጎን አሳይቼ ነበር፤ ሦስት አራተኛ ዞራ ስትታይ አፍንጫዋ ምን እንደሚመስል ግን አልሣልሁም። ሥራውን ሁለት ሰዎች ተካፍለውት ኖሮ ልጅቷ ከሾት ሾት እህቷን ትመስላለች። የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ስለነበር በነፃ አርሙልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። አሁን ቢሆን መጀመሪያ አንድ ሾት ብቻ ልኬ፣ እሱ ሲጸድቅ ሌላውን በአምስት በአምስት እየላክሁ በዚያው ልክ እከፍላለሁ። በውሉም ስንት ጊዜ እርማት እንደሚካተት፣ እንዲሁም እኔ ሐሳቤን ስቀይርና እነሱ ሲሳሳቱ ክፍያው እንደሚለያይ ይጻፋል። የተነባበሩትን ዋና ፋይሎች መረከብሽንም ጻፊ፤ የወጣውን ምስል ብቻ ከሰጡሽ አንዲት ቀለም ለመቀየር እንኳ ተመልሰሽ ትለምኛለሽ።

መልስ፦ ድምፅ ሠሪ

በስልክ ቅጂ ለተባለው፦ ለመለማመጃ ይሁን፣ ለመጨረሻው ግን አይሆንም። ተመልካች የተንቀጠቀጠ መስመር ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ፊልሙን ይተወዋል። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ። ክረምት ከገባ በቤትዎ አንድ ገጽ ንግግር ለመቅዳት ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲያባራ መጠበቅ ነው። ከሁሉም በላይ፣ የአፍ እንቅስቃሴ የሚሣለው በድምፁ ልክ ስለሆነ ንግግሩ ከሥዕሉ በፊት ይቀዳ። በኋላ የተቀዳ ንግግር ሁለት ፍሬም ቢረዝም የተጠራውና የተቀባው ሾት እንደገና ይከፈታል፤ ያም ሌላ ወጪ ነው። ለተዋንያኑ የያዙትን ክፍያ ግን የትም አላየሁትም።

በርጩማዋ

አልያዝሁትም ነበር። ሽማግሌው በአፋን ኦሮሞ፣ ልጅቷ በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ሁለት ሰው ነው የምፈልገው። ከዚያው ከ36 ሺህ ብሩ ይወጣል ማለት ነው። ስቱዲዮው በሥዕል ብዛት ለመዋዋል ፈቃደኛ ነኝ ብሏል፤ ዋጋውን ግን ገና አልነገረኝም። ካስወደደ ከከባዶቹ ሾቶች መካከል ገበያውን የሚያሳየውን ልቀይረው አስቤያለሁ፤ ሕዝቡ በእግር ብቻ ይታያል፣ የቀረውን ድምፁ ይናገራል።

የቆየ አኒሜተር

ባያስወድድም ቀይሪው። የገበያውን ሾት ከባድ ያደረገው የሰዉ ብዛት ነው፤ እግሩም ቢሆን ግን እየተራመደ ከሆነ መካከለኛ እንጂ ቀላል አይሆንም። 5 ሰከንድ ከሆነ በራስሽ ፍጥነት 6 ቀኑ ወደ 2 ቀን ተኩል ይወርዳል። መጀመሪያ በአኒማቲኩ፣ ማለትም የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች በጊዜያቸው በተደረደሩበት ረቂቅ ቪዲዮ ላይ አስገቢውና ታሪኩ ሳይጎድል ይሄድ እንደሆነ ለሌላ ሰው አሳዪ።

አቀናባሪው

ስለ ድምፁ ተሳስቼ ነበር። ስለ እንቅስቃሴው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም፤ ቢያንስ ከባዶቹን 8 ሾቶች ለአንድ ጎበዝ ሰው መስጠት 48 ቀን ያተርፋል።

የቆየ አኒሜተር

ጎበዙ ከተገኘና የእሷን እጅ መምሰል ከቻለ አልቃወምም። ዋጋውን ግን ከ36 ሺህ ብሩ ውስጥ ከየት እንደምታወጣው አንተ አስላላት።

በርጩማዋ

ሐሙስ ከስቱዲዮው ጋር እነጋገራለሁ። የሥዕሉን ብዛት ቆጥሬ የጨረስሁት እስከ ሾት 31 ድረስ ነው፤ ዋጋው ሲነገረኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ።