የ9 ወር የበጀት ሪፖርት ለምክር ቤት በቀላል አማርኛ እንዴት ይጻፍ?

የሐይቁ ልጅ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ወሎ ውስጥ የአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ፋይናንስ የሐምሌ–መጋቢት ሪፖርት በፒዲኤፍ ልኮልኛል። ከዚያ ውስጥ በጀቱን፣ የወጣውንና ልዩነቱን አውጥቼ የምክር ቤት አባላት የሚረዱት አንድ ገጽ ልጽፍ ነው። የጸደቀ፣ የተስተካከለ፣ ወጪ፣ ግዴታ፣ ቀሪ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ልዩነቱን ከየትኛው ልቀንስ? ለምሳሌ ነዳጅና ቅባት (6217) የጸደቀው 480,000፣ የተስተካከለው 600,000፣ ወጪው 510,000 ነው።

ኮምቦልቻ 07
ቀላል ነው ወንድሜ። ቀሪ የሚለውን ዓምድ ገልብጠህ አስቀምጥ፣ ልዩነት ማለት እሱ ነው። ነዳጅ 90,000 ተርፏል ብለህ ጻፍ።

የወልዲያ ሰው
ዝውውር ለመጠየቅ ከሆነ ከየትኛው ኮድ ወደ የትኛው እንደምትፈልግ ደብዳቤ ጽፈህ ለኃላፊው አቅርብ። እኛ ጋ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ጠይቀን ጊዜው አልፏል ተባልን። አትዘግይ።

የሐይቁ ልጅ
አመሰግናለሁ፣ ግን ዝውውሩ ተሠርቶ አልቋል። ከውሎ አበል 120,000 ወደ ነዳጅ ተዛውሯል። አሁን የምፈልገው ማጠቃለያውን ነው።

እትዬ ሒሳብ፣ ደሴ
ልጄ፣ ኮምቦልቻ 07 ያለው ግማሹ ልክ ነው። ቀሪው 90,000 መሆኑ እውነት ነው። ግን ቀሪ የሚነግርህ እስከ ሰኔ 30 ምን እንዳለህ ነው። ምክር ቤቱ የሚጠይቅህ ደግሞ «እስከ ዛሬ ከታሰበው በላይ ወጣ ወይስ በታች?» ብሎ ነው።

መነሻህ የተስተካከለው ይሁን። ነዳጁን ከጸደቀው 480,000 ጋር ብታነጻጽረው 510,000ው በጀት አልፎ የወጣ ይመስልና ያለ ጥፋት ትወቀሳላችሁ። ከ600,000 ላይ የ9 ወሩ ድርሻ 450,000 ነው። የወጣው 510,000 ስለሆነ በ60,000 በልጧል። በወር ወደ 56,700 እየወጣ ነው ማለት ነው። የቀረው 90,000 አንድ ወር ተኩል ቢያደርሳችሁ ነው፣ ዓመቱ ሊያልቅ ግን ሦስት ወር ይቀራል። ለአባላቱ መነገር ያለበት ይሄ ነው፤ «ተርፏል» ብትላቸው ግንቦት አጋማሽ ላይ መኪና ሲቆም ምን ትላቸዋለህ?

ዝውውሩ በትክክል መገልበጡን ለማወቅ የጸደቀውንም የተስተካከለውንም ዓምድ ደምር። ተጨማሪ በጀት ካልመጣ በቀር ሁለቱ ድምር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ መስመር ዘለሃል።

የሐይቁ ልጅ
እትዬ፣ ኤክሴል ላይ ስደምረው ዜሮ ይለኛል።

ኮምቦልቻ 07
ይሄን አውቀዋለሁ። ከፒዲኤፍ ሲገለበጥ ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው። አጠገቡ ባለው ባዶ ዓምድ ይሄን ጻፍና ወደ ታች ጎትተው፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(C5,",",""))
```

የሐይቁ ልጅ
ሠራ! ድምሩም እኩል ሆነ። ውሎ አበል (6231) የተስተካከለው 280,000፣ ወጪው 175,000 ነው። የ9 ወሩ ድርሻ 210,000 ስለሆነ 35,000 ቆጥበናል ልበል?

እትዬ ሒሳብ፣ ደሴ
ቆይ፣ አትቸኩል። መስክ የወጡ ባለሙያዎች ወስደው ያላወራረዱት አበል አለ? እሱ በተሰብሳቢ ሂሳብ ተይዞ ይቆያል እንጂ እስኪወራረድ ወጪ ውስጥ አይታይም። ፋይናንስን ጠይቅ።

የሐይቁ ልጅ
ጠየቅኩ። 40,000 ያልተወራረደ አለ። እንግዲያ 215,000 ሊሆን ነው፣ ማለትም ቁጠባ ሳይሆን የ5,000 ብልጫ። ደግነቱ ጠየቅሽኝ!

አንድ ቀረኝ። ለውኃ ፓምፕ ግዢ 200,000 ተይዟል፣ ወጪ ዜሮ፣ ግዴታ 180,000። ይሄስ?

እትዬ ሒሳብ፣ ደሴ
እሱን በ12 አታካፍል። ግዢ አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ በየወሩ አይደለም። «ውል ተፈርሟል፣ ዕቃው አልገባም፣ ክፍያ አልተፈጸመም» ብለህ በቃል ጻፈው።

ኮምቦልቻ 07
እኔ ግን ግዴታውን ከወጪ ጋር ብደምረው እመርጣለሁ። ዜሮ ሲያዩ ሥራ አልተሠራም ይላሉ።

እትዬ ሒሳብ፣ ደሴ
ከደመርከው ከፋይናንስ ሪፖርት ጋር አይገጥምም። አንዱ አባል ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ቢያይ ጣጣ ነው። ለየብቻ ይቀመጥ ባይ ነኝ፣ አንዳንድ ኃላፊዎች ግን እንዳንተ ያስባሉ።

የሐይቁ ልጅ
እንግዲህ ረቂቄ ይሄ ነው፦

«ለነዳጅ ከዝውውር በኋላ 600,000 ብር ተይዟል። በ9 ወር 510,000 ወጥቷል፤ ከታሰበው በ60,000 ይበልጣል። በዚህ አያያዝ የቀረው እስከ ሰኔ አያደርስም። ለውሎ አበል ከተያዘው 280,000 ውስጥ 175,000 ወጥቷል፤ ገና ያልተወራረደ 40,000 አለ፤ ሲወራረድ ከ9 ወሩ ድርሻ በ5,000 ይበልጣል። ለፓምፕ ከተያዘው 200,000 የ180,000 ውል ተፈርሟል፤ የተከፈለ የለም።»

የፓምፑን ነገር ነገ ኃላፊዬን ጠይቄ እወስናለሁ።

እትዬ ሒሳብ፣ ደሴ
ነዳጁ ለምን እንደበለጠ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምር። ዋጋ ጨምሮ ነው ወይስ ጉዞ በዝቶ? ሪፖርቱ ውስጥ አታገኘውም፣ የሹፌሮቹን የጉዞ መዝገብ ተመልከት።

የሐይቁ ልጅ
እሺ እትዬ፣ ጠዋት መዝገቡን አየዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።