«የዝምታ አዙሪት» ወይስ «የጸጥታ ጥምዝ»?

ሰናይት (ጠያቂ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች የተጻፈ አንድ መጣጥፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለ በአንድ ስያሜ ላይ ቆሜያለሁ። በእንግሊዝኛ «ስፓይራል ኦፍ ሳይለንስ» ይሉታል። ሰው የራሱ ሐሳብ የጥቂቶች ብቻ መስሎ ሲታየው ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ያንኑ ሐሳብ ይበልጥ የጥቂቶች ያስመስለውና በተራው ሌላውን ዝም ያሰኛል። «የዝምታ አዙሪት» ያልሁትን አርታዒዬ «የጸጥታ ጥምዝ» ብለው አርመውልኛል። እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጸጥታ አስከባሪ ነው። ከዚህ የተሻለ ምን ትላላችሁ? በፌስቡክ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው የሚያደርገውንስ «መደበቅ»፣ ሐሳቡንም «አናሳ አስተያየት» ማለት ይበቃል?

መምህር አስናቀ

እመት ሰናይት፣ አርታዒዎ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ነው ያነሡት፤ ከአፍ ቢያነሡት ኖሮ አይሳሳቱም ነበር። ጸጥታ የስፍራ ነው፤ ሌሊቱ ጸጥ ይላል፣ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ዝምታ ግን የሰው ነው። አማርኛችን «ዝም አለ» ሲል ዝምታን ከ«አለ» ጋር ማጣመሩን ልብ ይበሉ፤ ዝም ያለ ሰው አንድ ነገር ብሏል ማለት ነው። ሊናገር ሲችል ያልተናገረ ሰው ዝምታ እንደ ንግግር የሚቆጠርበት ቋንቋ ስላለን፣ ለዚህ ንድፈ ሐሳብ «ዝምታ» ተሰፍቶ የተሰጠ ልብስ ያህል ይስማማዋል።

ስለ «አዙሪት» ግን ቅሬታ አለኝ። የድህነት አዙሪት፣ የግጭት አዙሪት ስንል ዞሮ ዞሮ እዚያው የሚመልሰውን ማለታችን ነው። ይህኛው ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ በዞረ ቁጥር እየጠበበ ይወርዳል።

ማኅሌት ከፍራንክፈርት

የመምህር አስናቀን ሐሳብ የጀርመንኛው መነሻም ይደግፈዋል። ስያሜው የተወለደው በጀርመን ሲሆን «ሽቫይገሽፒራለ» ይባላል። «ሽቫይገን» አለመናገር የሚባለው የሰው ድርጊት ነው፤ የስፍራ ጸጥታ ሌላ ቃል አለው። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ስለሚጠራ ነው አርታዒው የተሳሳቱት።

ነገሩ የተነሣበትን ምርጫ ማወቅ ቃሉን ለመምረጥ ይረዳል። የንድፈ ሐሳቡ አመንጪ ኤሊዛቤት ኖኤለ-ኖይማን በጀርመኗ አለንስባኽ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተቋም መሥራች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ምርጫ ሲቃረብ ተቋማቸው ለወራት ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር፤ አንዱ ለማን ትመርጣለህ የሚል ሲሆን ሁለተኛው ማን ያሸንፋል ብለህ ትገምታለህ የሚል ነበር። በመጀመሪያው ጥያቄ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹና ሶሻል ዴሞክራቶቹ አንገት ለአንገት ተያይዘው ዘለቁ። በሁለተኛው ግን ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ያሸንፋሉ የሚለው ግምት ከወር ወር እያየለ ሄደ። መጨረሻ ላይ መራጩ ግምቱን ተከትሎ አዘነበለና መስከረም ላይ ውጤቱ 47.6 ለ39.3 በመቶ ሆነ። የምሁሯ ጥያቄ የተወለደው እዚህ ላይ ነው፦ የሰዉ ምርጫ ሳይለወጥ ግምቱ በምን ተለወጠ? መልሳቸው፣ አንደኛው ወገን ደፍሮ ስለተናገረ ከቁጥሩ በላይ ብዙ መስሎ ታየ፣ ሌላኛው ዝም ስላለ ከቁጥሩ በታች መሰለ የሚል ነው።

በዩኒቨርሲቲያቸው ያዩትንም ጽፈዋል። አንዲት ተማሪ ጠዋት የክርስቲያን ዴሞክራቶቹን ምልክት ደረቷ ላይ አድርጋ አገኟት፤ ቀትር ላይ ሲያገኟት ምልክቱ የለም። ለምን አወለቅሽው ሲሏት ነገሩ እጅግ እንደከበዳት ነገረቻቸው። በግማሽ ቀን ውስጥ ያሰራትም የመታትም አልነበረም።

ወልደ ሰዋስው

ይህን ሁሉ መንገድ ለምን እንጓዛለን? አማርኛ ቃሉን ከጀርመኖች በፊት አዘጋጅቶታል፤ «ይሉኝታ» ነው! ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኝ» ከሚለው የወጣ ነው። «የይሉኝታ አዙሪት» ይባል።

መምህር አስናቀ

ወንድማችን ወልደ ሰዋስው ግማሹን መንገድ በትክክል መጥተዋል። ሰውን የሚያስፈራው ከሰው መገለል ነው በሚለው ላይ ይሉኝታ ቅርብ ዘመድ ነው። ግን ይሉኝታ ያለው ሰው ሌሎች የሚሉትን አስቀድሞ ያውቃል፤ እንግዳን ሳይጋብዙ መብላት ነውር እንደሆነ ለማወቅ ሰው መቁጠር አያስፈልገውም። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ያለው ሰው ግን ቆጣሪ ነው። ማን ምን አለ፣ ማን ሳቀ፣ ማን ፊቱን አዞረ እያለ የሐሳቦችን ብዛት በዓይኑ ይመዝናል፣ የነገንም ይገምታል። ደግሞም ይሉኝታ በአማርኛ ምግባር ነው፤ «ይሉኝታ ቢስ» ስድብ መሆኑን አይርሱ። የዝምታው አዙሪት ግን አያስመሰግንም፣ አያስነቅፍም፤ የሚሆን ነገር ነው።

በቀለ ዘመርካቶ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስቸግር አልገባኝም። ሰው የሚፈራው መታሰርን ነው። ሲፈራ ዝም ይላል፤ ቃሉም «አፈና» ነው።

ማኅሌት ከፍራንክፈርት

አቶ በቀለ፣ እስር ባለበት አፈና ማለትዎ ትክክል ነው፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምሁሯ የጠየቁት ማንም የማያስረው ሰው ለምን ዝም እንደሚል ነው። ለዚህም «የባቡር ፈተና» የሚባል ዘዴ ነበራቸው፦ በባቡር የአምስት ሰዓት መንገድ ትሄዳለህ፤ አብሮህ የተቀመጠ ሰው ስለዚህ ጉዳይ እንዲህ እያለ ቢያወራ፣ ከእርሱ ጋር ለመነጋገር ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ልጅን መምታት ተገቢ ነው አይደለም በሚል ጉዳይ ሳይቀር ጠይቀውበታል። መንገደኛው ማን እንደሆንህ አያውቅም፣ ነገም አያገኝህም፤ ሰዉ ግን ሐሳቡ እየተሸነፈ ከመሰለው ዝምታን ይመርጣል። የባሕር ዳርን አውቶቡስ ለተሳፈረ ሰው ይህ ፈተና ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሰናይት

እጅግ አመሰግናለሁ። የእኔ መጣጥፍ የሚያነሣው ግን ባቡርን ሳይሆን ስልክን ነው። በአሜሪካ የፒው የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ስላወጣው የመንግሥት የስለላ ጉዳይ 1,801 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከተጠየቁት 86 በመቶው ጉዳዩን ፊት ለፊት ለመነጋገር ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ ከፌስቡክና ከትዊተር ተጠቃሚዎች መካከል እዚያው ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፊት ለፊት አንነጋገርም ካሉት ውስጥ ደግሞ በማኅበራዊ መገናኛ እንጽፋለን ያለ የለም ማለት ይቻላል። በአካል ያፈረ በስልክ ይደፍራል የሚለው ተስፋ እዚህ አልሠራም።

የዕድሩ ጸሐፊ

ይህን ሳነብ በእኔ ላይ የደረሰው ትዝ አለኝ። በአንድ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን 64 ሰዎች የቴሌግራም ቡድን አለን። ዓምና አንዱ ለሟች መምህራችን ሐውልት እናሠራ ሲል በሩብ ሰዓት ውስጥ ስድስት ሰዎች የልብ ምልክት አደረጉለት፤ ከእነርሱም ሁለቱ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ። እኔ ገንዘቡ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ቢውል ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። የመምህሩን ውለታ የረሳ እንዳልባል ፈርቼ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰብሳቢው ማን እንደመረጠ የማይታይበት የድምፅ መስጫ አወጡ፤ ለሐውልቱ 14፣ ለተማሪዎቹ 31 ሆነ! ሠላሳ አንዳችንም እያንዳንዳችን ብቻችንን የሆንን መስሎን ነበር። የዝምታ አዙሪት ማለት ይህ አይደለምን?

መምህር አስናቀ

ቅርብ ነው፤ ግን ያው አይደለም። በአዙሪቱ ውስጥ ከጊዜ በኋላ የአንዱ ወገን ድምፅ በእውነት እየሳሳ ይሄዳል። በእናንተ ግን ብዙዎቹ ብዙ ሳሉ ጥቂት መሰላቸው፤ ሐሳባቸውም አልተለወጠም። በቆጠራ የተፈጠረ የጋራ ስሕተት ነው። ሆኖም ቆጠራው እንዴት እንደሚሳሳት የእርስዎ ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በአዳራሽ ቢሆን ኖሮ ዝም ያሉትን ከሃምሳ በላይ ሰዎች ያዩ ነበር፤ ያንቀላፋውን፣ ግንባሩን የቋጠረውን፣ ወደ ጎረቤቱ ያንሾካሾከውን ያዩ ነበር። በስልኩ ላይ ግን ስድስት ልቦች ብቻ ይታያሉ፤ የቀረው ሰው ምልክት የለውም። ዝም ያለው ቢቃወምም፣ ቢስማማም፣ መልእክቱን ባያነብም መልኩ አንድ ነው። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» የሚለው ተረት ለእናንተ ቡድን የተተረተ ይመስላል፤ በጎቹ ቁጥራቸውን አያውቁም ነበርና።

ወልደ ሰዋስው

ይሉኝታዬን አንሥቻለሁ፤ ቢሆንም «መደበቅ» የሚለውን ግን አልቀበልም። የተደበቀ ነገር ፈላጊ አለው። ጸሐፊው ሐሳባቸውን የደበቁት ማን ፈልጎባቸው ነው? «ዋጡት» ወይም «በሆዳቸው ያዙት» ማለት ይበልጣል። «አናሳ አስተያየት» የሚለውም ይጎረብጠኛል፤ «አናሳ» ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ማነስንም ያሰማል። «የጥቂቶች ሐሳብ» ይበቃል።

ማኅሌት ከፍራንክፈርት

በ«ዋጠ» እስማማለሁ። ለመጣጥፉ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘነ ሥራ ታትሞ ነበር። ሰው ስለ ብዙዎቹ ሐሳብ ባለው ግምትና ደፍሮ በመናገሩ መካከል ያለው ግንኙነት እውነት ቢሆንም ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ግንኙነቱ ጠንከር ያለው ከማናውቀው መንገደኛ ጋር ሳይሆን ከቤተሰብ፣ ከወዳጅና ከጎረቤት ጋር ስንነጋገር ነው፤ በኢንተርኔትና ከኢንተርኔት ውጭም ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «ፌስቡክ ሰውን ዝም አሰኘ» ብለው ከመጻፍ ይቆጠቡ። እኔ በበኩሌ፣ በፌስቡክ የሚያስፈራን እንግዳው ሳይሆን አክስታችን፣ የሥራ ባልደረባችንና የሰንበቴ ማኅበርተኛችን በአንድ ገጽ ላይ መቀመጣቸው ይመስለኛል። ለአንዱ የምንለውን ለሌላው አንልም ነበር።

በቀለ ዘመርካቶ

እንግዲያው ሁልጊዜ ብቻውን ቆሞ የሚጮኸው ሰውስ? በየገጹ አንድ አይጠፋም።

መምህር አስናቀ

እርሱም በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ቦታ አለው፤ መገለልን የማይፈራ ወይም ተገልሎ የጨረሰ ሰው ነው። ምሁሯ «ጽኑ እምብርት» የሚል ትርጉም የሚሰጥ ስም ሰጥተውታል፤ እኛ «ችኮ» እንለዋለን። የጥቂቶች ሐሳብ ጨርሶ የማይጠፋው በእርሱ ነው፤ ችግሩ፣ ለዘብተኞቹ ዝም ሲሉና እርሱ ብቻ ሲቀር ያ ሐሳብ በሙሉ የእርሱን መልክ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ለዘብተኛው ዝም የሚለው ብዙዎቹን ፈርቶ ብቻ ሳይሆን ከችኮው ጋር እንዳይቆጠርም ነው።

ወደ ስያሜው ስመለስ፣ ቅሬታዬን በከፊል አንሥቻለሁ። ወንዝ ያየ ሰው የውኃ አዙሪት እየጠበበ ወደ ታች እንደሚስብ ያውቃል፤ በዚህ ትርጉሙ ከተወሰደ «የዝምታ አዙሪት» ይሁን። «ጥምዝ» ግን ለደረጃና ለሽቦ ይቆይልን።

ሰናይት

ርእሱን «የዝምታ አዙሪት» ብዬዋለሁ፤ አርታዒዬም ስለ ጸጥታ አስከባሪው ሳነሣባቸው ስቀው ፈቀዱ። አሁን የቀረኝ ምሁሯ ደጋግመው የሚጠሩት «የአስተያየት አየር ጠባይ» የሚል ነገር ነው፤ ሰው ከመናገሩ በፊት የሚያሸተው ማለት ነው። ቃል በቃል ብተወው የሜትሮሎጂ ዘገባ ይመስላል።

የዕድሩ ጸሐፊ

«የነፋሱ አቅጣጫ» ቢባልስ?

ወልደ ሰዋስው

ነፋስ ያልፋል። ይህኛው ግን የሚከርም ነው፤ «ወቅት» የሚል ቃል ውስጡ ቢገባ እመርጣለሁ፤ ሙሉውን ግን ገና አላገኘሁትም።