ቁልፉን የወሰደው «ሁ» ነው «ሁም»?

የጣርማበር ልጅ፦ የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ነጥብ ተቀንሶባት መጣች። «ዘ ማን ___ ዘ ጋርድ ሴድ ቱክ ዘ ኪ ራን አወይ» ይላል ጥያቄው። ሁ ብላ ሞላች። መምህሩ በቀይ ሰርዞ ሁም አደረገው። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተን የምናስተምራት ለዚህ ነው? ማን ነው ልክ?

መንዜው፦ መምህሩ ነዋ! ወደ አማርኛ መልሰው። «ጥበቃው ቁልፉን ወሰደ ያለው ሰውዬ»። «ያለው» ላይ «ው» አለች አይደል? ሰውዬው ተደራጊ ነው። ተደራጊ ከሆነ ሁም። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር፦ አላለቀም ልጄ። አማርኛው ነው ያሳሳተህ። ከባዶው ቦታ በኋላ ያለውን ውሰድና ሂ ወይም ሂም ክተትበት። «ዘ ጋርድ ሴድ ሂ ቱክ ዘ ኪ» ይሄዳል። «ሂም ቱክ ዘ ኪ» የሚል የለም። ሂ ከገባ ሁ ነው። ሂም ከገባ ሁም። ግራ ከገባህ «ዘ ጋርድ ሴድ»ን ዝለለው። «ቱክ ዘ ኪ» ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ልጅቷ ልክ ናት።

መንዜው፦ «ዝለለው»! ጋሼ፣ የተጻፈ ቃል እየዘለልን ነው እንዴ ፈተና የምንሠራው? እንዲህማ ከሆነ «ዘ ማን ሁም ዘ ጋርድ ሶው ራን አወይ» ላይም እንዝለልና ሁ እንበለው።

ጡረተኛው መምህር፦ ዝለል እስቲ። «ዘ ጋርድ ሶው»ን ስታወጣ ለባዶው ቦታ ምን ግስ ተረፈለት? «ራን አወይ» የሰውዬው ነው፣ ተይዟል። ስለዚህ አይዘለልም። «ዘ ጋርድ ሶው ሂም»፣ ሁም። ጥበቃው ያው ነው፣ ግሱ ነው የተለወጠው።

አንኮበር፦ እኔ ማመልከቻዬ ላይ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ብያለሁ። ሁ ላድርገው?

ጡረተኛው መምህር፦ አትንኪው እናቴ። «ኢት ሜይ ኮንሰርን ሂም» ነው የሚባለው።

ሸዋሮቢት፦ ፈረንጆቹ ራሳቸው ሲያወሩ «ሁ ዲድ ዩ ሲ» ነው የሚሉት። እኛ ነን ለሁም የምንሞትለት። ደግሞ መንዜው፣ ያንተ አማርኛ ራሱ ምኑ ግልጽ ነው? ጥበቃው ነው ሰውዬውን የከሰሰው ወይስ ሰውዬው ጥበቃውን?

መንዜው፦ አማርኛ ለሚሰማ ሰው ግልጽ ነው።

ሸዋሮቢት፦ አይደለም! ሁለት ጊዜ አንብቤ ጥበቃውን ሌባ አድርጌዋለሁ። እንግሊዝኛውም አይሻልም። «ዘ ጋርድ ቶልድ ዘ ድራይቨር ሂ ቱክ ዘ ኪ» ብትል ሂ የትኛው ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ እሱን የሂና የሂም ፈተና አይፈታውም። ቅርጹን እንጂ ማንነቱን አይነግርህም። ወይ «ዘ ድራይቨር» ብለህ ትደግማለህ፣ ወይ እንደኛ የአፉን ቃል ታስገባለህ። «ቁልፉን የወሰድከው አንተ ነህ» አለው ካልክ ማን ይጠፋዋል?

የጣርማበር ልጅ፦ እሺ፣ ነገ መምህሩን ላናግረው?

መንዜው፦ አናግረው። ግን «ዝለለው» ተባልኩ እንዳትል፣ አንተንም በቀይ ይሰርዝሃል።