ገጹ ከ Desktop site አልመለስ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ የሚያውቅ ይርዳኝ። ስልኬ አንድሮይድ ነው፤ የምጠቀመው ክሮም ነው። የሥራ ማመልከቻ የምሞላበት አንድ ድረ ገጽ አለ። የሞባይል ገጹ ላይ ፋይል መጫኛው አይታይም። ስለዚህ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቼ Desktop site ላይ ምልክት አደረግሁ። መጫኛው ወጣ፣ ጽሑፉ ግን ጉንዳን አከለ።

እሱስ ምክንያቱ ይገባኛል። ክሮም ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው አድርጎ ይዘረጋውና ስክሪኑ ላይ ይጨምቀዋል። የኔ ስክሪን ስፋት በዚያው ልኬት 360 ነው፤ ፊደሉ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። በጣት እያሰፉ ማንበብ ይቻላል፣ እሺ።

ያስቸገረኝ መመለሱ ነው። ምልክቱን ሳነሳ ፊደሉ አደገ፣ ገጹ ግን የዴስክቶፑ ሆኖ ቀረ። የግራው ሜኑ ቅጹ ላይ ተደርቧል። «የልደት ቀን» የሚለው ሳጥን ግማሹ ከስክሪኑ ውጪ ነው፤ «አስገባ» የሚለው ቁልፍማ ጭራሽ የለም። ሌሎች ድረ ገጾች ደህና ናቸው። ይሄኛውም Incognito ላይ ስከፍተው የሞባይል ገጹ በትክክል ይመጣል። ስለዚህ ምርጫዬን በኩኪ መዝግቦ የያዘው ድረ ገጹ ራሱ ይመስለኛል።

ኩኪውን ላጥፋው ብል ከአካውንቴ ያስወጣኛል፤ ግማሽ የሞላሁት ቅጽ አብሮ እንዳይሄድ ፈራሁ። ቅጹ ሳይጠፋ ወደ ሞባይል ገጹ የምመለስበት መንገድ አለ? አድራሻው መጀመሪያ ላይ m. ጨምሬ ሞከርኩ፣ አይከፍትም። ኮምፒውተር አጠገቤ የለም፤ ስልክ ላይ የሚሠራ ብቻ ንገሩኝ።